ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ውሃ

የጃፓኑ ቶዮታ ኩባንያ ሚራይ የተባለችውን በሃይድሮጂን የምትሄድ አውቶሞቢል እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ለገበያ ካቀረበበት ጊዜ ጀምሮ፣ «ከጭስ ማውጫዋ የሚወጣው ውሃ ብቻ ነው» የሚለው ቃል ከሻጭ አፍ ወደ ገዢ ጆሮ ሲተላለፍ ኖሯል። ቃሉ ሐሰት አይደለም፤ ሆኖም ውሃው ከወዴት እንደመጣና አብሮት ምን እንደሚወጣ ሳይመረመር የተነገረ እንደሆነ፣ ከእውነቱ የሚሰውረው ከሚገልጠው ይበዛል።

በዚህች መኪና ውስጥ እሳት የለም። በ700 ባር ግፊት ታፍኖ በጋኑ ውስጥ የተቀመጠው ሃይድሮጂን ግፊቱ ቀንሶለት ወደ ነዳጅ ሴሉ ሲገባ፣ ደቃቅ የፕላቲኒየም ብናኝ በተቀባ ስስ ሽፋን ፊት ይደርሳል፤ በዚያም እያንዳንዱ የሃይድሮጂን አቶም በፕላቲኒየሙ ኃይል ወደ ፕሮቶንና ወደ ኤሌክትሮን ይከፈላል። ሽፋኑ እንደ ኬላ ጠባቂ ነው፤ ፕሮቶኑን በባሕርዩ አውቆ ያሳልፈዋል፣ ኤሌክትሮኑን ግን ከደጅ ይመልሰዋል፤ የተመለሰውም ኤሌክትሮን ወደ ማዶ ለመድረስ ሌላ መንገድ የለውምና በሽቦው ዞሮ፣ በዙረቱም ሞተሩን አንቀሳቅሶ፣ በወዲያኛው ገጽ ከፕሮቶኑ ጋር ይገናኛል። በዚያ ስፍራ ከውጭ አየር የተሳበው ኦክስጅን ይጠብቃቸዋል፤ ሦስቱም በተዋሐዱ ጊዜ ውሃ ይሆናሉ። ኤሌክትሪክ የምንለው እንግዲህ ያ የኤሌክትሮን ዙረት ነው እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም።

አንዱ ሴል በሥራ ላይ ሳለ የሚሰጠው ኃይል ከ0.6 እስከ 0.7 ቮልት ያህል ብቻ በመሆኑ፣ ለብቻው አንዲት መኪና ሊያንቀሳቅስ አይችልም። ስለዚህ በሁለተኛው ትውልድ ሚራይ 330 ሴሎች እንደ መጽሐፍ ቅጠል ተደራርበው ታስረዋል፤ ድምራቸው 200 ቮልት ገደማ ሲሆን፣ ሞተሩ ከዚህ ከፍ ያለ ስለሚፈልግ ሌላ መሣሪያ ከፍ ያደርግለታል፤ አነስተኛ ባትሪም ፍጥነት በሚጨመርበት ጊዜ ያግዛል።

አሁን ወደ ውሃው እንመለስ። በውሃ ክብደት ውስጥ የሃይድሮጂን ድርሻ ከዘጠኝ እጅ አንዱ ብቻ ስለሆነ፣ 1 ኪሎ ሃይድሮጂን ከአየር 8 ኪሎ ኦክስጅን ወስዶ 9 ኪሎ ውሃ ያስገኛል። ጋኗ ሲሞላ 5.6 ኪሎ የምትይዘው ሚራይ 640 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳ ስታበቃ 50 ሊትር ውሃ በመንገዱ ላይ ትታለች ማለት ነው፤ ለ100 ኪሎ ሜትር ሲታሰብ 8 ሊትር ይጠጋል። ይህን የሰማ ሰው ይደነቅ ይሆናል፤ ነገር ግን በ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር ቤንዚን የምትጠጣ ተራ መኪናም ወደ 6.5 ሊትር ውሃ ከማርሚታዋ ታወጣለች። ቤንዚንም ሃይድሮጂን አለበትና! ልዩነቱ የቤንዚኑ ውሃ በጋለ እንፋሎት መልክ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተደባልቆ ሲበተን፣ የሚራይ ሴል ግን ከ80 ዲግሪ ብዙም በማይዘልቅ ሙቀት ስለሚሠራ ውሃው በግልጥ ሲንጠባጠብ መታየቱ ነው። እንዲያውም ነጂው ጋራዥ ከመግባቱ በፊት ውሃውን የሚያስወጣበት H2O የሚል ቁልፍ ተደርጎላታል። ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ቱቦው ቢንጠባጠብ ብልሽት አይደለም፤ በሴሉ ውስጥ የቀረ ውሃ በብርድ አገር ወደ በረዶ ተለውጦ መተላለፊያውን እንዳይዘጋ ቀድሞ መውጣት ይገባዋል።

ከውሃው ጋር የሚወጣው የበዛው ክፍል ኦክስጅኑ የቀነሰ አየር ነው። ናይትሮጂኑ ሳይነካ ያልፋል፤ የሚያነደው እሳት ስለሌለም በቤንዚን ሞተር ውስጥ እንደሚሆነው ወደ መርዛም ጋዝ አይለወጥም። ጥቂት ናይትሮጂን ግን በሽፋኑ በኩል ሰርጎ ወደ ሃይድሮጂኑ ወገን ስለሚሻገርና ስለሚጠራቀም፣ በየጊዜው አንድ መክፈቻ ተከፍቶ ያወጣዋል፤ በዚህም ጊዜ ጥቂት ሃይድሮጂን አብሮ ያመልጣል። እንዳይቀጣጠልም በብዙ አየር ይሳሳል። እንግዲህ «ውሃ ብቻ» የሚለው በጥብቅ ሲመዘን ይህችን ያህል ይጎድለዋል፤ እኔ ግን በዚህ ሻጩን አልከስም።

የምከስበት ነገር ከቱቦው ርቆ፣ በፋብሪካው ይገኛል። ዛሬ በዓለም ላይ የሚመረተው አብዛኛው ሃይድሮጂን ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል የሚወጣ ሲሆን፣ ከተፈጥሮ ጋዝ አንድ ኪሎ ሃይድሮጂን ለማውጣት በፋብሪካው 9 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ሰማይ ይለቀቃል። ሚራይ ለ100 ኪሎ ሜትር ከ0.9 ኪሎ ጥቂት የሚያንስ ሃይድሮጂን ስለምትፈጅ፣ በስሟ የሚጻፈው ወደ 8 ኪሎ ነው፤ 7 ሊትር ቤንዚን የሚያወጣው 16 ኪሎ ነው። በግማሽ ይሻላል፤ ንጹሕ ግን አይደለም። ሃይድሮጂኑ በውሃ ወይም በነፋስ ኃይል ከመነጨ ኤሌክትሪክ የተሠራ እንደሆነ ሒሳቡ ይለወጣል፤ ስለዚህ ይህችን መኪና ሊገዛ የሚያስብ ሰው ወደ ጭስ ማውጫዋ ጎንበስ ብሎ ከማየቱ በፊት፣ ጋኗን የሚሞላው ጣቢያ ሃይድሮጂኑን ከምን እንደሚያገኝ አስቀድሞ ይጠይቅ።