ያገለገለ ማሽን በዓመት አጋማሽ ሲገዛ፦ እርጅናው ከየት ይጀምራል?

አዲስ አበባ ውስጥ የሚሠራ አንድ አነስተኛ ማተሚያ ቤት፣ ሌላ ማተሚያ ቤት ለዓመታት የሠራበትን ኦፍሴት ማሽን በ1,000,000 ብር ገዛ እንበል። ውሉ የተፈረመው ጥቅምት 20 ቀን ነው። ሰኔ 30 ሒሳቡ ሲዘጋ ባለቤቱና የሒሳብ ሠራተኛው አንድ ጥያቄ ይጠብቃቸዋል፦ ከዚህ ማሽን ዋጋ ውስጥ የዘንድሮ ወጪ ሆኖ የሚመዘገበው ስንት ነው?

ሚሊዮኑ በሙሉ የዘንድሮ ወጪ ሊሆን አይችልም፤ ማሽኑ ገና ለዓመታት መጽሐፍና ደረሰኝ ያትማልና። ዋጋው በሚያገለግልባቸው ዓመታት ላይ ይከፋፈላል። ይህ ድርሻ የእርጅና ቅናሽ ይባላል። ለማስላት ሁለት የታወቁ መንገዶች አሉ። ቀጥተኛው ዘዴ ለየዓመቱ እኩል ድርሻ ይሰጣል። በቀሪ ዋጋ ላይ የሚሰላው ዘዴ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ፣ በኋለኞቹ ጥቂት ይቀንሳል። ብዙ ሰው ወዲያው ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ወደሚለው ክርክር ይገባል። ያገለገለ ማሽን ላይ ግን ስህተቱ የሚበዛው ከዚያ በፊት ባሉት ሦስት ነገሮች ነው፦ ማሽኑ በጠቅላላው ስንት ፈጀ? የእርጅናው ቆጠራ የሚጀምረው መቼ ነው? ከእንግዲህስ ስንት ዓመት ይሠራል?

ከመጀመሪያው እንነሳ። ሻጩ ማሽኑን አዲስ ሳለ በስንት እንደገዛው፣ ወይም በእሱ መዝገብ ላይ ስንት ቀርቶት እንደነበረ ለገዢው ሒሳብ ምንም አይረባም። የገዢው መነሻ ራሱ ያወጣው ገንዘብ ነው። በዚያ ላይ ማሽኑን ለሥራ እስኪደርስ ድረስ ያስወጣው ሁሉ ይደመራል። ማተሚያ ቤታችን ለክሬንና ለጭነት መኪና 40,000 ብር፣ ማሽኑን ለመትከልና የኤሌክትሪክ መስመሩን ለመዘርጋት 60,000 ብር፣ ያለቁትን ሮለሮች ለመቀየርና ለሙከራ ኅትመት 100,000 ብር ከፈለ። ስለዚህ የማሽኑ ዋጋ 1,200,000 ብር ሆነ። ሮለር መቀየር በሌላ ጊዜ ተራ የጥገና ወጪ ነው። እዚህ ላይ ግን ማሽኑ ያለ እሱ ሊያትም ስለማይችል ከዋጋው ጋር ይቆጠራል። ለማሽኒስቱ ሥልጠና የወጣው ገንዘብ ግን አይደመርም፤ የዓመቱ ወጪ ሆኖ ያልፋል። ማተሚያ ቤቱ የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ከሆነና በግዢው ላይ የከፈለውን ታክስ ማቀናነስ የሚችል ከሆነ፣ ያም ከማሽኑ ዋጋ ውስጥ አይገባም።

ቀጥሎ የመነሻው ቀን ይመጣል። ጥቅምት 20 ውል ተፈረመ። ኅዳርና ታኅሣሥ በማጓጓዝ፣ በጥገናና በተከላ አለፉ። ማሽኑ ተሞክሮ ለሥራ ዝግጁ የሆነው ጥር 1 ቀን ነው። የመጀመሪያው ደንበኛ ትእዛዝ የመጣው ደግሞ በየካቲት። ዓለም አቀፉ የሂሳብ አያያዝ ደረጃ፣ በቁጥር አይኤኤስ 16 የሚታወቀው፣ በዚህ ላይ ግልጽ ነው፦ እርጅና የሚጀምረው ንብረቱ በቦታው ሆኖ ለታሰበለት ሥራ ዝግጁ ከሆነበት ቀን ነው። ስለዚህ ቆጠራው ገንዘብ ከተከፈለበት ከጥቅምትም፣ የመጀመሪያው ሥራ ከመጣበት ከየካቲትም ሳይሆን ከጥር 1 ይጀምራል። ይህን ቀን በኋላ ከትዝታ ማውጣት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ የተከላ ርክክቡን ወይም የሙከራ ኅትመቱን ቀን የያዘ የተፈረመ ወረቀት ከግዢው ሰነድ ጋር አብሮ ቢቀመጥ ኦዲተር ሲጠይቅ መልሱ በእጅ ላይ ነው።

እዚህ ላይ የእኛው አቆጣጠር አንድ ትንሽ ወጥመድ አለው። የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ ጥር 1 ልክ መሃሉ ይመስላል። በወር ከተቆጠረ በእርግጥም ስድስት ወር ነው፣ ግማሽ ዓመት። በቀን ከተቆጠረ ግን ጳጉሜን በመጀመሪያው አጋማሽ ውስጥ ትወድቃለች። ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ድረስ 185 ቀን፣ ከጥር 1 እስከ ሰኔ 30 ደግሞ 180 ቀን ይሆናል። የቀን ስሌት 180 ለ365 ማካፈል ነው፤ ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ዓመት ደግሞ ለ366። ልዩነቱ ትንሽ ነው። ዋናው ነገር ድርጅቱ በወር ወይም በቀን ለመቁጠር ከወሰነ በኋላ ለሁሉም ንብረቱ በዚያው መጽናቱ ነው። ከዚህ በታች ያለውን ስሌት ለማቅለል በወር እንሄዳለን።

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል። አዲስ ማሽን ሲገዛ የአምራቹ መረጃ ይረዳል። ያገለገለ ሲሆን ግን የሚፈለገው ለአዲሱ ባለቤት የቀረው ዕድሜ ነው፤ «ኦፍሴት ማሽን አሥር ዓመት ይሠራል» የሚለው አባባል ብቻውን አያስኬድም። ባለሙያ ማሽኑ ላይ ያለውን የኅትመት ቆጣሪ ያነባል፣ በመለያ ቁጥሩ የተመረተበትን ዓመት ያጣራል፣ መለዋወጫው አሁንም ገበያ ላይ መገኘቱን ይጠይቃል። ቆጣሪው ተበላሽቶ ወይም ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል በእሱ ብቻ አይታመንም። ባለብዙ ቀለም ሥራ አሳትሞ ቀለሞቹ እርስ በርሳቸው መግጠማቸውን ማየት የበለጠ ይናገራል፤ አንዱ ቀለም ከሌላው እየሸሸ የሚወጣ ከሆነ የሲሊንደሩና የወረቀት መያዣው መልበስ አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል። በእኛ ምሳሌ ባለሙያው ማሽኑ አምስት ዓመት እንደሚሠራና ከዚያ በኋላ በ200,000 ብር ሊሸጥ እንደሚችል ገመተ። ይህ የመጨረሻ ዋጋ ይባላል።

አሁን ስሌቱ ቀላል ነው። በቀጥተኛው ዘዴ ከ1,200,000 ላይ 200,000 ሲቀነስ 1,000,000 ይቀራል። ለአምስት ሲካፈል የሙሉ ዓመት ድርሻ 200,000 ብር ነው። ዘንድሮ ማሽኑ ግማሽ ዓመት ስለሠራ 100,000 ብር ብቻ ይመዘገባል። ቀጣዮቹ አራት ዓመታት 200,000፣ 200,000 ይይዛሉ። የቀረው 100,000 በስድስተኛው የበጀት ዓመት ይወድቃል። የአምስት ዓመት ዕድሜ ስድስት የሒሳብ ዓመት ውስጥ መግባቱ ብዙዎችን ያደናግራል። አንዳንዱ ይህን ረስቶ ማሽኑን በአምስተኛው ዓመት ይዘጋዋል፤ ያኔ ግማሽ ዓመት የሚያህል እርጅና ሳይመዘገብ ይቀራል ወይም በአንድ ዓመት ላይ ይከመራል።

በቀሪ ዋጋ ላይ የሚሰላው ዘዴ መነሻው ሌላ ነው። በአምስት ዓመት የሚያልቅ ንብረት በቀጥተኛው ዘዴ በዓመት 20 በመቶ ይቀንሳል። እዚህ የተለመደው የዚያን እጥፍ፣ 40 በመቶ መውሰድ ነው። በመቶኛው የሚሰላው በሙሉው 1,200,000 ላይ ነው፤ የመጨረሻ ዋጋው አስቀድሞ አይቀነስም። የሙሉ ዓመቱ 480,000 ይሆን ነበር። የግማሽ ዓመቱ 240,000 ብር ነው። መዝገቡ ላይ 960,000 ይቀራል። በሁለተኛው ዓመት 40 በመቶው የሚወሰደው ከዚህ 960,000 ላይ ነው፤ 384,000 ይቀነስና 576,000 ይቀራል። ከዚያ 230,400፣ ከዚያም 138,240 ይቀነሳል። በአራተኛው የበጀት ዓመት መጨረሻ መዝገቡ ላይ የሚቀረው 207,360 ብር ነው።

ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ሁለተኛው ዓመት ላይ ነው፤ የመጀመሪያው ዓመት ግማሽ መሆኑ ተረስቶ ስሌቱ ከ720,000 ይጀመርና የቀጣዮቹ ዓመታት ቁጥር ሁሉ ይዛባል። ሌላው መጨረሻው ላይ ነው። በአምስተኛው ዓመት 40 በመቶ ከ207,360 ላይ 82,944 ይሆናል። ይህ ከተመዘገበ ግን የማሽኑ የመዝገብ ዋጋ ከ200,000 በታች ይወርዳል። ስለዚህ 7,360 ብር ብቻ ይቀነስና ቅናሹ ይቆማል። ስድስተኛው ዓመት ምንም አይይዝም። የሁለቱም ዘዴዎች ድምር 1,000,000 ብር ነው፤ የሚለያዩት በጊዜው ብቻ ነው።

ጊዜው ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ማሽኑ ቢሸጥ ይታያል። በሁለተኛው የበጀት ዓመት መጨረሻ በ750,000 ብር ተሸጠ እንበል። በቀጥተኛው ዘዴ መዝገቡ ላይ ያለው 900,000 ስለሆነ 150,000 ብር ኪሳራ ይመዘገባል። በሌላው ዘዴ ያለው 576,000 ስለሆነ 174,000 ብር ትርፍ ይታያል። ኪሳራና ትርፍ ሲባል የተለያየ ነገር የተፈጠረ ይመስላል። ቀጥተኛው 300,000 እርጅናና 150,000 ኪሳራ፣ ሁለተኛው 624,000 እርጅናና የ174,000 ትርፍ ቅናሽ ሲሆን፣ የሁለቱም ውጤት 450,000 ብር ነው። በ1,200,000 ተገዝቶ በ750,000 የተሸጠ ማሽን የወሰደው ይህንኑ ነው።

ታዲያ የትኛው ይመረጥ? ደረጃው የሚለው ዘዴው የንብረቱ ጥቅም የሚያልቅበትን ሁኔታ ይምሰል ነው። ለአዲስ ማሽን የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ማክበድ አሳማኝ ነው፤ ዋጋው ያኔ በፍጥነት ስለሚወድቅ። ያገለገለው ግን ያን ከባድ ውድቀት በቀድሞው ባለቤት እጅ ጨርሷል። በየዓመቱ ተመሳሳይ መጠን ያለው ሥራ የሚሠራ ከሆነ ቀጥተኛው ዘዴ እውነታውን ይበልጥ ይገልጻል። በሌላ በኩል ማሽኑ ከሁለት ዓመት በኋላ በተደጋጋሚ እንደሚቆምና መለዋወጫ እንደሚበላ ከታወቀ፣ የመጀመሪያዎቹ ጤነኛ ዓመታት ብዙውን ድርሻ ቢሸከሙ ፍትሐዊ ነው። ምርጫውን ሊወስን የሚገባው የማሽኑ ጠባይ ነው፤ በዚህ ዓመት ትርፍ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ እንዲታይ መፈለግ ግን ምክንያት ሊሆን አይገባም።

የግብሩ ስሌት ከዚህ ሁሉ ለብቻው ይሠራል። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ገቢ ግብር ደንብ ቁጥር 410 ለኮምፒውተር በቀጥተኛ ዘዴ 20፣ በቀሪ ዋጋ ዘዴ 25 በመቶ፣ በልዩ ሁኔታ ላልተጠቀሱ ሌሎች ንብረቶች ደግሞ 15 እና 20 በመቶ ደንግጓል። ማሽኑ ያገለገለ መሆኑና ባለሙያው የገመተው አምስት ዓመት ይህን ተመን አይለውጡም። በዚህ ተመን በቀጥተኛው ዘዴ የማሽናችን የሙሉ ዓመት ተቀናሽ 180,000 ብር ነው። የድርጅቱ መዝገብ ግን 200,000 ይላል። ስለዚህ በሁለተኛው ዓመት የግብር ማስታወቂያ ሲሞላ ልዩነቱ፣ 20,000 ብር፣ ግብር በሚከፈልበት ትርፍ ላይ ተመልሶ ይደመራል፤ መዝገቡ ግን ሳይነካ ይቀመጣል።