ባለቤቱ ሲያርፍ የቤቱ መድን ለማን ይቀራል?

ሰው ቤቱንና ዕቃውን ለልጆቹ ትቶ ሲያልፍ፣ በዐፀደ ሥጋ ሳለ ቤቱን ከእሳትና ከዐውሎ ነፋስ ይጠብቅለት ዘንድ ዐረቦን ሲከፍልበት የኖረው የመድን ውልም ከቤቱ ጋር አብሮ ይወረሳል ብሎ የማያስብ ወራሽ ጥቂት ነው፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የመድን ውል ከጡብና ከእንጨት ጋር የተደረገ ስምምነት ሳይሆን፣ መድን ሰጪው ጠባዩን፣ ታሪኩንና አኗኗሩን መዝኖ ከተቀበለው ሰው ጋር የተደረገ ስምምነት ነውና፣ በአሜሪካ በሰፊው የሚሠራበት የመኖሪያ ቤት መድን ውል ያለ መድን ሰጪው የጽሑፍ ፈቃድ ለሌላ ሰው ሊተላለፍ እንደማይችል ይደነግጋል። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ቤት ገዝተው ልጆች ያሳደጉ ወገኖቻችን በዕድሜ እየገፉ በሄዱበት በዚህ ጊዜ፣ ጉዳዩ ወደየደጃችን የደረሰ ሆኗል።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። እ.አ.አ. በ1943 የወጣውና ብዙ ክፍላተ አገር የተቀበሉት የኒውዮርክ መደበኛ የእሳት መድን ውል፣ መድን የተገባለትን ሰው ስም ከጻፈ በኋላ «እና ሕጋዊ ወኪሎቹን» ብሎ ይጨምር ነበር፤ ይኸውም ባለቤቱ በሞተ ማግስት ቤቱ ያለ ጠባቂ እንዳይቀር የታሰበ ነው። የዛሬው ውል ደግሞ ይህንኑ ሐሳብ አስፍቶ ስለ ሞት ራሱን የቻለ አንቀጽ አኑሮለታል፤ ብዙ ሰው ይህን አንቀጽ የሚያነበው ሐዘን ከደረሰበት በኋላ ነው፣ ያውም ካነበበው።

አንቀጹ የሚጠብቀው ሦስት ዓይነት ሰው ነው። አንደኛው የሟች ሕጋዊ ወኪል ነው፤ እኛ ውርስ አጣሪ የምንለውና በሜሪላንድ የኑዛዜ መዝገብ ጽሕፈት ቤት የሹመት ደብዳቤ የሚሰጠው ሰው ማለት ነው፤ እርሱም ቢሆን የሚጠበቀው ሟች በሞተበት ጊዜ በውሉ ውስጥ በነበረው ቤትና ንብረት ረገድ ብቻ ነው። ሁለተኛው ከሟች ጋር በአንድ ቤት ይኖር የነበረ ቤተሰብ ሲሆን፣ መብቱ ጸንቶ የሚቆየው በዚያው ቤት እስከኖረ ድረስ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ወኪሉ እስኪሾም ንብረቱን በአግባብ በእጁ የያዘ ሰው ነው። ባልና ሚስት ሁለቱም በውሉ ላይ ስማቸው ሰፍሮ እንደ ሆነ፣ ውሉ በቀሪው ስም ስለሚቀጥል ችግሩ ይቀላል። ከዚህ ዝርዝር ውጭ የሚቀረው ብዙዎች የማይጠረጥሩት ሰው ነው፤ እርሱም ከሌላ ከተማ መጥቶ፣ ከቀብር በኋላ ዕቃውን ይዞ የገባው ወራሽ ነው። ቤቱ በውርስ አጣሪው በኩል ሊጠበቅ ቢችልም፣ የዚህ ልጅ ሶፋና ልብስ፣ እንዲሁም እንግዳ በደረጃው ላይ ወድቆ ቢከሰው የሚመጣበት ዕዳ፣ በሟች ውል ውስጥ ስፍራ የላቸውም።

ይሁን እንጂ ውሉ በማን ስም ነው ከሚለው ይልቅ አብዝቶ የሚጎዳው የቤቱ ባዶነት ነው። የዛሬው መደበኛ ውል፣ ቤቱ ከጉዳቱ በፊት ከ60 ተከታታይ ቀን በላይ ባዶ ሆኖ ከቆየ፣ ሰዎች በተንኮል ሰብረው ያደረሱትን ጥፋት አይከፍልም። እዚህ ላይ የሐዘናችን ሥርዐትና የውሉ አቆጣጠር ይጋጫሉ፤ እኛ ሰልስቱን፣ አርባውንና ሰማንያውን ስንቈጥር፣ በአስከሬኑም ሽኝት ወደ አገር ቤት ሄደን ተዝካር ስናወጣ፣ ውሉ ደግሞ በበኩሉ ቀኑን ይቈጥራል። ደግነቱ፣ ሰው ለጊዜው የሌለበት ቤትና ባዶ ቤት በመድን ሕግ አንድ አይደሉም፤ አልጋውና ወንበሩ፣ ምጣዱና መጻሕፍቱ በየቦታቸው ካሉ፣ ብዙ ፍርድ ቤቶች ነዋሪ የሌለው ቤት ይሉታል እንጂ ባዶ ቤት አይሉትም። ዕቃው ተከፋፍሎ ሲወጣ ግን ስሙ ይለወጣል።

ለምሳሌ ያህል፣ በሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር አንዲት እናት ጃንዋሪ 10 ዐረፈች እንበል። አብራት ትኖር የነበረች ልጅ አለቻት፤ ወንድ ልጇ ሲያትል ነው። ልጆቹ እናታቸውን አዲስ አበባ ቀብረው፣ አርባዋን አውጥተው ተመለሱ፤ እስከዚህ ድረስ ዕቃው በቤት ስለነበረ ቤቱ ባዶ አልነበረም። ሆኖም በክረምት ወጪ ለመቆጠብ ሲሉ ማሞቂያውን አጥፍተው፣ ውኃውንም ሳይዘጉና ከቧንቧው ሳያፈስሱ ሄደው ቢሆን ኖሮ፣ ቧንቧው ቀዝቅዞ ሲፈነዳ መድን ሰጪው ተገቢውን ጥንቃቄ አላደረጋችሁም ብሎ ካሣውን ሊከለክል ይችል ነበር። ማርች 12 ዕቃውን ተከፋፈሉ፤ ልጅቱም ወደ ወንድሟ ሄደች። ሜይ 20 ሌሊት ሰዎች ገብተው ግድግዳውን ሰብረው የመዳብ ቧንቧውን ነቅለው ወሰዱ። ከማርች 12 ሲቈጠር 69 ቀን ነው፤ ስለዚህ መድን ሰጪው አንቀጹን ያነሣል፤ ወራሾቹም ይህ ስርቆት እንጂ ጥፋት አይደለም ብለው ይከራከራሉ፤ ፍርድ ቤቶችም በዚህ ላይ በየፊናቸው የተለያየ ፍርድ ሰጥተዋል። እንዲህ ባለ ክርክር ላይ ተስፋን መጣል ለወራሽ የሚመከር አይመስለኝም፤ ዕቃው ሳይወጣ በፊት ለመድን ሰጪው ነግሮ ለባዶ ቤት የሚሆን ውል መጠየቅ፣ ዋጋው ከፍ ቢልና ሽፋኑ ቢጠብም እንኳ ይሻላል።

ሌላው ጉዳት ድምፅ የለውም። ዐረቦኑ ከሟች የባንክ ሒሳብ በራሱ ጊዜ ይቈረጥ የነበረ እንደ ሆነ፣ ባንኩ ሞቱን ሰምቶ ሒሳቡን ሲያግድ ክፍያው ይቋረጣል፤ በመደበኛው ውል ደግሞ ዐረቦን ባለመከፈሉ ውሉን ለመሠረዝ የ10 ቀን ማስታወቂያ ይበቃል፤ ማስታወቂያውም የሚደርሰው ማንም በማይከፍተው በዚያው ቤት የደብዳቤ ሣጥን ነው። ቤቱ የባንክ ዕዳ ካለበት አበዳሪው ራሱ መድን ሊገዛለትና ዋጋውን በዕዳው ላይ ሊጨምር ይችላል፤ ክፍያውን ከማስከፈሉ ቢያንስ 45 ቀን አስቀድሞ በደብዳቤ ማሳወቅ አለበት፤ ይህ መድን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቀው የአበዳሪውን ጥቅም፣ ማለት ሕንፃውን እንጂ የወራሹን ዕቃም ሆነ ኀላፊነት አይደለም።

ስለዚህ አጣሪው የሞት ምስክር ወረቀቱንና የሹመት ደብዳቤውን ይዞ ለመድን ሰጪው ያስታውቃል፤ ውሉ በውርሱ ስም እንዲጻፍ፣ ደብዳቤውም በእርሱ አድራሻ እንዲላክ፣ በቤቱ ማን እንደሚኖር ወይም ማንም እንደማይኖር በግልጽ እንዲመዘገብ ይጠይቃል። ቤቱ ከተሸጠ ይህ ውል እስከ ርክክቡ ቀን ይበቃል፤ ለወራሾች ከተላለፈ ግን የባለቤትነት ሰነዱ በተመዘገበበት ቀን የሚጀምር አዲስ ውል ያስፈልጋል፤ ወራሹ ራሱ የሚኖርበት ከሆነ የነዋሪ፣ የሚያከራየው ከሆነ የአከራይ። የሲልቨር ስፕሪንጉ ቤት ለሁለቱ ልጆች እኩል ተላልፎ፣ አዲሱን ውል ግን እኅትየዋ ብቻዋን በስሟ ብትገባ፣ መደበኛው ውል ለመድን ገቢው ከራሱ ጥቅም በላይ እንደማይከፍል ስለሚናገር፣ ከወጥ ቤት በተነሣ እሳት 60,000 ዶላር ጉዳት ቢደርስ መድን ሰጪው የእርሷ ድርሻ ግማሹ ነው ብሎ በ30,000 ዶላር ሊቆም ይችላል፤ ስለዚህ በሰነዱ ላይ የተጻፉት ሁለቱ ስሞች በውሉም ላይ ሊጻፉ ይገባል።