መልቀቂያ ለጠየቀ ሠራተኛ የሚጻፍ መልስ

ከአንድ የመኪና መለዋወጫ መጋዘን ምሳሌ እንውሰድ። የመጋዘኑ ኃላፊ ስድስት ዓመት ሠርታ፣ ጥር 5 ቀን የመልቀቂያ ደብዳቤዋን ለሥራ አስኪያጁ አቀረበች። ደመወዟ በወር 12,000 ብር ነው። ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ከትቶ "እስኪ ትንሽ እንይ" ይላታል። ሳምንት አለፈ፣ ሌላም ሳምንት ደገመ፤ እሷ መልስ ትጠብቃለች፣ እሱ ሐሳቧን ትቀይር እንደሆነ ይጠብቃል።

በሰው ኃይል ሥራ ላይ ደጋግሜ ያየሁት ትልቁ ስህተት ይህ ዝምታ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ቅድሚያ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ስለዚህ ደብዳቤው "ጥያቄ" ቢባልም ፈቃድ መለመኛ አይደለም። አለቃው ቢፈርምም ባይፈርምም ቀኑ ይቆጠራል፤ መሳቢያ ውስጥ የሚባክነው ግን የርክክቡ ጊዜ ነው።

እንግዲህ መልሱ በማግስቱ ቢወጣ ምን መምሰል አለበት? ቁጥርና ቀን ከላይ፣ ከዚያ "ጉዳዩ፦ የሥራ መልቀቂያን ስለመቀበል"። የመጀመሪያው አንቀጽ ቀን ብቻ ይናገር፦ "ጥር 5 ቀን በጻፉት ደብዳቤ መልቀቅዎን ማሳወቅዎ ይታወቃል። የመጨረሻ የሥራ ቀንዎ የካቲት 5 ቀን ይሆናል።" ማስጠንቀቂያው ከተሰጠበት ማግስት ካለው የሥራ ቀን ተነስቶ ስለሚቆጠርና ወሮቻችንም 30 ቀን ስለሆኑ ሂሳቡ ቀላል ነው። "በቅርቡ" ወይም "ተተኪ ሲገኝ" የሚል ቃል ግን ኋላ ለክርክር በር ይከፍታል።

ምስጋናው ይቀጥላል። "ላበረከቱት አስተዋጽኦ እናመሰግናለን" የሚለው ዓረፍተ ነገር በየደብዳቤው ስለሚገኝ ማንንም አይነካም። ሥራ አስኪያጁ የሚያውቀውን አንድ ነገር ይጥቀስ፦ "የዕቃዎቹን መደርደሪያ በኮድ ካደራጁ ወዲህ ጋራዡ አንድ ዕቃ ፍለጋ ግማሽ ቀን መጠበቁ ቀርቷል። ለዚህ ልዩ ምስጋናችን ይድረስዎ።" ስድስት ዓመት የደከመች ሰው ይህን ወረቀት ቤቷ ወስዳ ታስቀምጠዋለች።

ከዚያ ርክክቡ ይመጣል፤ የደብዳቤው ክብደትም እዚህ ላይ ነው። "ንብረት በአግባቡ ያስረክቡ" ማለት ምንም አለማለት ነው። ማን ይረከባል? መቼ ይጀመራል? ማንስ ይታዘባል? እኔ የምመክረው ቆጠራው የመጨረሻው ቀን ሳይደርስ አሥር ቀን ቀደም ብሎ፣ ጥር 25 ቀን እንዲጀመርና አስረካቢዋ፣ ተረካቢውና ከፋይናንስ የተመደበ አንድ ሰው አብረው እንዲቆጥሩ ነው።

ምክንያቱ ቆጠራው ላይ ይታያል። የፍሬን ሸራ ካርዱ 48 ይላል፤ መደርደሪያው ላይ የተገኘው 45 ነው። ኃላፊዋ እዚያው ቆማለችና ታስታውሳለች፦ ከጥምቀት በፊት በነበረው ምሽት አንድ መኪና ለመንገድ ሲቸኩል ሦስቱ ያለ ወጪ ማዘዣ ለጋራዡ ተሰጥተዋል። የጋራዡ መዝገብ ሲገለጥ ሦስቱም ተጽፈዋል። ማዘዣው ይዘጋጃል፣ ካርዱ ይስተካከላል። ያው ጉድለት እሷ ከወጣች ከወር በኋላ ቢገኝ ኖሮ ስሟ ላይ ይለጠፍ ነበር። አንድ የሠራሁበት ድርጅት በርክክብ ቅጹ ላይ ያለ ቆጠራ አስፈርሞ፣ ኋላ ጎማ ሲጎድል የወጣውንም የገባውንም ሰው እየጠራ ሲጠይቅ ከርሟል። ማን እንዳጎደለው ዛሬም አይታወቅም።

ከዕቃው ሌላ ቁልፎች፣ የክፍሉ ማኅተም፣ የኮምፒውተር የይለፍ ቃል እና ታዘው ያልገቡ ዕቃዎች ዝርዝር በቅጹ ላይ ይስፈሩ። ቅጹ በሦስት ኮፒ ይፈረማል፤ አንዱ የግድ የእሷ ነው።

የመጨረሻው አንቀጽ ስለ ክፍያ ይናገራል። በአዋጁ መሠረት የሚገባት ገንዘብ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት፤ ሊራዘም የሚችለው እሷ በራሷ ጥፋት ንብረት መመለስ ካዘገየች ነው። ያልወሰደችው የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ይታሰባል። አምስት ዓመት ስላለፋት፣ ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የማገልገል ግዴታ ከሌለባት፣ በፈቃዷ ብትለቅም የሥራ ስንብት ክፍያ ታገኛለች፦ ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ 12,000 ብር፣ ለተጨማሪዎቹ አምስት ዓመታት ደግሞ በዓመት የዚያው ሲሶ፣ 4,000 ብር፤ በጠቅላላው 32,000 ብር። ብዙ አለቆች በፈቃዱ የለቀቀ ሰው ስንብት የለውም ይላሉ፤ ይህ ስህተት ነው።

የሥራ ልምድ ማስረጃውም የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን ጠቅሶ ያለ ክፍያ ይሰጣል። ክሊራንስ አላለቀም ብሎ መያዣ ማድረግ አይገባም።

ደብዳቤው "ከሰላምታ ጋር" ብሎ ይፈረማል፤ ከታች ግልባጭ ለሰው ኃይል፣ ለፋይናንስና ለተረካቢው ይጻፍ። ተረካቢው ግልባጭ ካልደረሰው ጥር 25 ጠዋት መጋዘኑ በር ላይ እሷ ብቻዋን ትቆማለች።