ቀስቱ የሚገባበትና የሚወጣበት

በቅርቡ አንድ ማታ የወንድሜ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ማደሪያዋ በቴሌግራም ፎቶ ላከችልኝ። የደብተር ገጽ ነው፤ በእርሳስ የተሣሉ ሁለት አክሲሶች፣ አንድ ጎበጥ ያለ መስመር፣ ከመስመሩ በታች ደግሞ በእርሳስ የጠቆረ ቦታ ይታያል። ከሥሩ ጥያቄው ተጽፏል፦

```
∫₀¹ ( ∫ e^(y³) dy,  y ከ √x እስከ 1 ) dx
```

«አጎቴ፣ የኢንተግራሉን ቅደም ተከተል ቀይራችሁ ሥሩ ይላል። ስቀይረው ግን ጭራሽ ባሰብኝ» የሚል መልእክት ተከትሎ ገባ።

ፎቶውን አጉልቼ ስሌቷን መስመር በመስመር ተከተልኩት። ስሌቱ ልክ ነው። የተሳሳተው ሥዕሉ ነው።

ድርብ ኢንተግራል ምን እንደሚለካ ለማየት ድፎ ዳቦ እናስብ። ዳቦው ያረፈበት ቦታ በወረቀቱ ላይ የጠቆረው ክልል ነው። ከላይ ያለው ቁመት ደግሞ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ እዚህ ጥያቄ ላይ ቁመቱን የሚነግረን `e^(y³)` ነው፤ `e` ማለት 2.718 አካባቢ የሆነው ቁጥር ነው። የምንፈልገው የዳቦውን ጠቅላላ ይዘት ነው። ዳቦውን በቢላ ወደ ስስ ቁራሾች እንቆርጠዋለን። የውስጠኛው ኢንተግራል የአንዷን ቁራሽ ፊት ስፋት ይሰጠናል፤ የውጪው ደግሞ ቁራሾቹን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይደምራል። ዳቦውን በቁመትም እንቁረጠው በአግድም፣ ያው አንድ ዳቦ ነው። የእያንዳንዱ ቁራሽ መነሻና መድረሻ ግን ይለያያል። ወሰን የምንለው ይህንን መነሻና መድረሻ ነው።

ስለዚህ የተሰጠን ወሰን የክልሉ ሥዕል በጽሑፍ ነው። ከውጪ ወደ ውስጥ ይነበባል። የውጪው `x` ከ0 እስከ 1 ይሄዳል፤ ቢላው ከግራ ወደ ቀኝ እየተጓዘ ነው ማለት ነው። ቢላው አንድ ቦታ ላይ ሲቆም ከታች ወደ ላይ ቀስት እንሣል። ቀስቱ ወደ ክልሉ የሚገባው `y = √x` ላይ ነው፤ የሚወጣው `y = 1` ላይ ነው። ክልሉ እንግዲህ ከጎባጣው መስመር በላይ፣ ከ`y = 1` በታች፣ በግራ በኩል ደግሞ በ`y` አክሲስ የታጠረ ነው።

ልጅቷ ያጠቆረችው ከመስመሩ በታች ያለውን ነው። ለምን እንደሆነ ይገባኛል። ኢንተግራልን መጀመሪያ ስንማር ሁልጊዜ «ከመስመሩ በታች ያለው ስፋት» ተብለን ስለሆነ እጃችን ሳያስበው እዚያው ይሄዳል። ፎቶው ከጎን መነሳቱም መስመሩን ቀጥ ያለ አስመስሎታል። ሁለቱንም የሚያጠራው አንድ ነጥብ መሞከር ነው። `x = 0.25` ላይ የመስመሩ ከፍታ 0.5 ነው። መስመሩ ቀጥ ያለ ቢሆን ኖሮ 0.25 ላይ ይሆን ነበር፤ ስለዚህ ወደ ላይ የጎበጠ ነው። እዚያው ቦታ ላይ የተሰጠን ወሰን `y` ከ0.5 እስከ 1 ነው፤ እሷ ግን ከ0 እስከ 0.5 ያለውን አጥቁራለች።

ይህ ስህተት ምን እንዳመጣባት እንይ። ቅደም ተከተሉ ሲቀየር ቀስቱ ከግራ ወደ ቀኝ ይተኛል። እሷ ባጠቆረችው ክልል ውስጥ የተኛው ቀስት ጎባጣው መስመር ላይ ገብቶ `x = 1` ላይ ይወጣል። ጎባጣው መስመር በ`y` ሲነበብ `x = y²` ስለሆነ፣ የውስጡ ውጤት `(1 − y²)·e^(y³)` ይሆናል። እዚህ ውስጥ ብቻውን የቀረ `e^(y³)` አለ፤ ዲፈረንሼት ሲደረግ እሱን የሚሰጥ፣ በተለመዱት ፈንክሽኖች የሚጻፍ ቀመር ደግሞ የለም። ጥያቄው ቅደም ተከተል ቀይሩ ያለው ከዚሁ ግድግዳ ለመሸሽ ነበር፤ እሷ ግን ዞራ እዚያው ደረሰች።

በትክክለኛው ክልል የተኛው ቀስት ከ`y` አክሲስ፣ ማለትም ከ`x = 0` ይገባል፤ `x = y²` ላይ ይወጣል። ከዚህ በኋላ ቁራሾቹ ከታች ወደ ላይ፣ ከ`y = 0` እስከ `y = 1` ይደረደራሉ።

```
∫₀¹ ( ∫ e^(y³) dx,  x ከ 0 እስከ y² ) dy
   = ∫₀¹ y²·e^(y³) dy
   = (e − 1)/3 ≈ 0.573
```

የውስጡ ቀላል የሆነው `e^(y³)` ውስጥ `x` ስለሌለ ነው። በአንድ አግድም ቁራሽ ላይ ቁመቱ አይለዋወጥም፤ በቁራሹ ርዝመት፣ በ`y²`፣ ማባዛት ብቻ ነው የሚቀረን። ያ `y²` ደግሞ የጎደለውን ሞላ፦ የ`y³` ዴሪቬቲቭ `3y²` ስለሆነ ኢንተግራሉ ወዲያው ተፈታ።

መልሱ ትክክል መሆኑን በሁለት መንገድ አረጋገጥን። አንደኛ፣ ቁመቱን ትተን የክልሉን ስፋት ብቻ በሁለቱም ቅደም ተከተል አሰላነው። በቁመት ስንቆርጥ `1 − √x` ከ0 እስከ 1 ተደምሮ 1/3 ይሰጣል፤ በአግድም ስንቆርጥ `y²` ተደምሮ ያው 1/3 ነው። የእሷ ክልል ግን 2/3 ነበር። ሁለተኛ፣ በክልሉ ውስጥ ቁመቱ ከ1 አያንስም፣ ከ`e` አይበልጥም፤ ስለዚህ መልሱ ከ0.333 እስከ 0.906 ባለው መካከል መውደቅ አለበት። 0.573 እዚያው ነው።

ሌላው ብዙ ተማሪ የሚወድቅበት ጉድጓድ ሥዕሉን ጨርሶ ትቶ ምልክቶቹን ብቻ ማቀያየር ነው። `dy dx` የነበረው `dx dy` ይሆናል፤ ወሰኖቹም ተያይዘው ቦታ ይለዋወጣሉ። ያኔ `√x` የውጪ ወሰን ሆኖ ይቀመጥና የመጨረሻው መልስ ውስጥ `x` ይቀራል። የአንድ ዳቦ ይዘት ቁጥር እንጂ ቀመር ሊሆን አይችልም። የውጪ ወሰን ላይ ተለዋዋጭ ፊደል ከታየ ሥራው እዚያው መቆም አለበት።

ሁለቱ አቆራረጦች አንድ መልስ የሚሰጡበትን ሁኔታ የሚደነግገው ቲዎረም በጣሊያናዊው የሒሳብ ሊቅ በጊዶ ፉቢኒ ስም ይጠራል፤ እሱ ያሳተመው በ1907 ነው። እንደ `e^(y³)` ያለ የማይቆራረጥ ፈንክሽን እንዲህ ባለ የታጠረ ክልል ላይ ሲሆን ችግር የለም። `(x² − y²)/(x² + y²)²` የሚባለው ፈንክሽን ግን `x`ም `y`ም ከ0 እስከ 1 በሆኑበት ካሬ ላይ በ`y` ከተጀመረ `π/4`፣ በ`x` ከተጀመረ `−π/4` ይሰጣል። ምክንያቱ ማዕዘኑ `(0, 0)` ነው፤ ወደዚያ ስንጠጋ እሴቱ በአንድ በኩል ወደ ላይ፣ በሌላ በኩል ወደ ታች ያለ ገደብ ይሸሻል።

በማግሥቱ ሁለተኛ ፎቶ መጣ። ማዕዘኖቹ `(0, 0)`፣ `(2, 0)` እና `(1, 1)` ላይ ያሉ ሦስት ማዕዘን ነው፤ በዚህኛው ላይ ቀስቶች ተሥለዋል። የተኛው ቀስት የትም ቢሣል `x = y` ላይ ገብቶ `x = 2 − y` ላይ ይወጣል፤ አንድ ኢንተግራል ይበቃል። የቆመው ቀስት ግን ከ`x = 1` በፊት `y = x` ላይ፣ ከዚያ በኋላ `y = 2 − x` ላይ ይወጣል። ሁለተኛው ቀስት በሌላ መስመር እንደሚወጣ ስላየች፣ `x = 1` ላይ ነጠብጣብ አሥምራ ክልሉን ለሁለት ከፍላዋለች። ከጎኑ የጻፈችው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ «ሁለቱን ልደምራቸው አይደል?»

አዎ፤ ተደምረው 1 የሚሆን ስፋት ይሰጡሻል፤ በተኛው ቀስት አስልተሽ አመሳክሪው።