በገንዘብ የተመዘነ የትርፍ ምጣኔ

በገንዘብ የተመዘነ የትርፍ ምጣኔ በተለያዩ ቀኖች ገንዘብ የተጨመረበትና የተወሰደበት መዋዕለ ንዋይ በዓመት በመቶ ስንት እንዳተረፈ የሚያሳይ ስሌት ነው። እያንዳንዱ ብር በሥራ ላይ የቆየበትን ጊዜ ስለሚቆጥር፣ ትርፍን ለተዋጣው ገንዘብ እንዲሁ ከማካፈል ይለያል። የዋጋ ንረትን ግን አይቀንስም፤ እሱ ለብቻው የሚሰላ ነው።

ለምሳሌ አንድ ሰው እ.ኤ.አ. ጃንዩዋሪ 1 ቀን 2023 100,000 ብር አስገባ፤ ጁላይ 2 ቀን 30,000 ብር አወጣ፤ ኦክቶበር 1 ቀን ደግሞ 80,000 ብር ጨመረ እንበል። ጃንዩዋሪ 1 ቀን 2024 ሒሳቡ 162,000 ብር ሆኖ ተገኘ። ከኪሱ የወጣው የተጣራ ገንዘብ 150,000 ብር ስለሆነ ትርፉ 12,000 ብር ነው። ይህን ለ150,000 ያካፈለ ሰው 8 በመቶ ያገኛል። ሆኖም ከዚያ ውስጥ 80,000 ብሩ የሠራው ለመጨረሻዎቹ 92 ቀናት ብቻ ነው።

ለአንድ ዓመት ያህል ጊዜ በእጅ ጥሩ ግምት ማግኘት ይቻላል። የወጣውም የገባውም ገንዘብ እስከ መጨረሻው ቀን በቀሩት ቀናት ይመዘናል፦

```
100000 - 30000×183/365 + 80000×92/365 ≈ 105123
12000 / 105123 ≈ 11.4%
```

ትክክለኛው ምጣኔ ወለድ በወለድ ላይ እየተደመረ ሁሉንም ገንዘብ 162,000 ላይ የሚያደርሰው ቁጥር ሲሆን፣ የሚገኘው በሙከራ ነው። በኤክሴል ቀኖቹ በአንድ ዓምድ፣ ገንዘቡ በሌላው ይጻፋል። ከኪስ የወጣው በመቀነስ ምልክት፣ ወደ ኪስ የተመለሰውና የመጨረሻው ቀሪ ሒሳብ ያለ ምልክት ይገባሉ፦

```
2023-01-01   -100000
2023-07-02     30000
2023-10-01    -80000
2024-01-01    162000
=XIRR(B2:B5,A2:A5)
```

ውጤቱ 11.5 በመቶ ገደማ ነው። ከእጅ ግምቱ ጋር መቀራረቡ ጥሩ ማረጋገጫ ነው። ቁጥሩ እጅግ ከራቀ ብዙውን ጊዜ ምልክት ተገልብጧል፤ የወጣው 30,000 በስሕተት በመቀነስ ቢጻፍ፣ ትርፍ ያለው ሒሳብ ከሳሪ መስሎ ይታያል። የመጨረሻው ቀሪ ከተረሳ ደግሞ ምጣኔው ትርጉም የለሽ ይሆናል።

የባንክ ደብተሩ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ አስቀድሞ ወደ ጎርጎርዮሳዊው መለወጥ አለበት። ኤክሴል ጳጉሜንን አያውቅም፤ 30/6ን እንደ ጁን 30 ይወስዳል፣ 30/2ን ደግሞ እንደ ቀን አይቀበልም።

ዘዴው ለአጭር ጊዜ አይመችም። በአንድ ወር የተገኘ 3 በመቶ ወደ ዓመት ሲለወጥ 42 በመቶ አካባቢ ስለሚሆን፣ ከዓመት ያነሰን ትርፍ ሳይለውጡ እንዳለ መጥቀስ ይሻላል። በተጨማሪም ምጣኔው የባለገንዘቡን ውሳኔ ይጨምራል፦ ዋጋው ከመውደቁ በፊት ብዙ ገንዘብ ያስገባ ሰው፣ በዚያው ፈንድ ከጎረቤቱ ያነሰ ትርፍ ያያል። የፈንዱን አስተዳዳሪ ብቻ ለመመዘን የሚያገለግለው በጊዜ የተመዘነው ምጣኔ ሲሆን፣ ለእሱ ገንዘብ በገባና በወጣ ቁጥር የሒሳቡ ዋጋ መታወቅ አለበት።