ነጥቦቹ ተሰባስበው ነው ወይስ እንዲያው ወድቀው?

የከላላ ወረዳን ካርታ ዘርግቶ ቤተ ክርስቲያኑን፣ መስጊዱንና ትምህርት ቤቱን በነጥብ ያመለከተ ሰው ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው ነጥቦች በተጠጋጉበት ቦታ ላይ ነው። አንድ ጥግ ላይ አምስቱ ተጠጋግተዋል፤ ከዚያ ወዲያ ሰፊ ባዶ ቦታ አለ። ወዲያውም ምክንያት ፍለጋ ይጀመራል፤ ምንጭ ስላለ ነው፣ ገበያው ስለሚቀርብ ነው ይባላል። ምክንያቱ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን እፍኝ ጤፍ ሰፌድ ላይ ቢበተንም ፍሬዎቹ የሚያርፉት እንዲሁ ነው፤ አንድ ቦታ ይከማቻሉ፣ ሌላ ቦታ ባዶ ይተዋሉ። በዘፈቀደ መውደቅ ማለት እኩል ተራርቆ መውደቅ ማለት አይደለም። ስለዚህ ምክንያት ከመፈለግ በፊት የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ይህ መጠጋጋት በዘፈቀደ ከሚመጣው ይበልጣል ወይ?

ለዚህ ጥያቄ ቀላል መለኪያ ያበጁት ፊሊፕ ክላርክና ፍራንሲስ ኢቫንስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተሙት ጽሑፍ ያሳሰባቸው የዕፅዋት አሰፋፈር ነበር፤ በኋላ ግን የመልክዓ ምድር ሰዎች ለመንደርና ለከተማ ተጠቀሙበት። አሠራሩ እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ነጥብ ከሁሉም የሚቀርበው ሌላ ነጥብ ይፈለግና በመካከላቸው ያለው ርቀት ይለካል። የርቀቶቹ ሁሉ አማካይ D ይባል። ቀጥሎ የቦታው ስፋት A እና የነጥቦቹ ብዛት N ተወስደው፣ ነጥቦቹ በዘፈቀደ ቢወድቁ ኖሮ ይጠበቅ የነበረው አማካይ ርቀት E ይሰላል። በመጨረሻ ሁለቱ ይነጻጸራሉ።

```
E  = 0.5 × √(A / N)
R  = D / E
SE = 0.26136 × √A / N
z  = (D − E) / SE
```

R ወደ 1 ከተጠጋ ነጥቦቹ በዘፈቀደ ከወደቁት አይለዩም። ከ1 ካነሰ ተሰባስበዋል፤ ከበለጠ ደግሞ ተራርቀዋል ማለት ነው። እያንዳንዱ ነጥብ በንብ እንጀራ ክፍል መሃል እንደተቀመጠ ሆኖ ፍጹም እኩል ቢራራቁ R 2.15 ገደማ ይደርሳል፤ ከዚያ አያልፍም። z የሚነግረን ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ ይችል እንደሆነ ነው። ከ1.96 በላይ ወይም ከ−1.96 በታች ከሆነ፣ ዘፈቀደ ብቻውን ያን ያህል ልዩነት የሚያመጣው ከመቶ አምስት ጊዜ ባልበለጠ ነው።

ከእኛው ክልል አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ካትሪን ካርደሉስ ዓለማየሁ ዋሴን ጨምሮ ከባልደረቦቿ ጋር ባደረገችውና እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመው ጥናት፣ አንድ ደን በቅርብ ካለው ደን የሚርቀው በአማካይ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ ተገኝቷል። በዞኑ የተቆጠሩት ደኖች 1,022 ናቸው፤ የዞኑ ስፋት 14,095 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። እኔ በእነዚህ ቁጥሮች ሳሰላው E 1.86 ኪሎ ሜትር፣ R 1.08 ይመጣል። ደኖቹ አልተሰባሰቡም፤ እንዲያውም በዘፈቀደ ከሚጠበቀው በጥቂቱ ተራርቀዋል። እያንዳንዱ ደብር የራሱን አጥቢያ ስለሚያገለግል ይህ አያስገርምም። z 4.7 ስለሚሆን ነገሩ የተቆረጠ ይመስላል። ግን 2 ኪሎ ሜትር የተጠጋጋ ቁጥር ነው፤ ትክክለኛው 1.9 ቢሆን z ወደ 1.4 ይወርድና ከዘፈቀደ መለየት አይቻልም። ነጥቦቹ ሲበዙ SE በጣም ስለሚያንስ መቶ ሜትር ብቻ ፍርዱን ይገለብጠዋል።

ከዚህ የባሰ ፍርድ ገልባጭ ግን A ነው፤ እሱን ለመረዳት ወደ ከላላ መመለስ ይሻላል። ከላላ፣ ወግዲና ቦረና ደጋቸው ወደ ዓባይ በሚወርዱ ወንዞች ጥልቅ ሸለቆዎች የተቆራረጠ ነው። ሰው የሚሠፍረው ሜዳው ላይ ነው፤ ቀጥ ባለው ገደል ላይ ቤት የሚሠራ የለም። እንግዲህ 20 በ20 ኪሎ ሜትር የሆነ ቁራጭ ካርታ ላይ 40 መንደሮች አሉ፣ አማካይ የቅርብ ርቀታቸውም 1.2 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። ስፋቱ 400 ካሬ ኪሎ ሜትር ስለሆነ E 1.58፣ R 0.76፣ z −2.9 ይሆናል። መንደሮቹ በእርግጥ ተሰባስበዋል ሊያሰኝ ነው። አሁን ግማሹ ገደልና ሸለቆ መሆኑን እናስብና A 200 ይሁን። ነጥቦቹ አልተነኩም፣ D ያው ነው። ሆኖም E ወደ 1.12 ይወርዳል፣ R 1.07 ይሆናል፣ z 0.9 ብቻ ይቀራል። መሰባሰቡ ጠፋ! የመጀመሪያው ስሌት ያገኘው የሰዎችን መሰባሰብ ሳይሆን የሸለቆውን መኖር ነበር።

ይህን ስህተት አደገኛ የሚያደርገው ሳይጠየቅ የሚገባ መሆኑ ነው። በQGIS ውስጥ ያለው የቅርብ ጎረቤት ስሌት A አድርጎ የሚወስደው ነጥቦቹን የሚያቅፈውን አራት ማዕዘን ነው፤ ገደሉንም፣ የጎረቤት ወረዳውን ቁራጭም አብሮ ያስገባል። መጋጠሚያዎቹ በዲግሪ ከሆኑ ደግሞ ስፋቱ በዲግሪ ተሰልቶ ርቀቱ በሜትር ስለሚመጣ R ትርጉም የለሽ ግዙፍ ቁጥር ይሆናል። መድኃኒቱ ነጥቦቹን በቅድሚያ ወደ ሜትር መለኪያ መቀየር ነው፤ ለከላላ የሚሆነው UTM 37N ነው።

እኔ ከቀመሩ ይልቅ የምመርጠው ማስመሰልን ነው። ሰው ሊሠፍርበት የሚችለው መሬት ብቻ በካርታው ላይ ይከለልና ኮምፒዩተሩ በዚያ ክልል ውስጥ 40 ነጥቦችን በዕጣ ይጥላል፤ D ይሰላል፤ ይህ 999 ጊዜ ይደገማል። ከዚያ የእኛ 1.2 ከእነዚህ መካከል የት እንደሚያርፍ ይታያል። ከእኛው እኩል ወይም ያነሰ D የሰጡት 300 ከሆኑ መሰባሰብ የሚባል ነገር የለም፤ አምስት ብቻ ከሆኑ ግን ነገሩ አጋጣሚ ነው ለማለት ይከብዳል። የዚህ ዘዴ ሌላው ጥቅም የዳርቻውን ችግር ማቃለሉ ነው። ከላላ ወሰን ላይ ያለ መንደር እውነተኛ ጎረቤቱ ወግዲ ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ እኛ ግን የከላላን ብቻ ስለመዘገብን ሩቅ ያለውን ጎረቤቱ እናደርገዋለን፣ D ያለ አግባብ ያድጋል። በዕጣ የተጣሉት ነጥቦችም በዚያው ወሰን ስለሚቆረጡ ንጽጽሩ ሚዛኑን ይጠብቃል።

የቀረው መዝገቡን ማጣራት ነው። በዚያው 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 32 ትምህርት ቤቶች አሉ እንበል፤ ስምንቱ በሁለት ዓይነት አጻጻፍ ሁለት ጊዜ ስለተመዘገቡ ዝርዝሩ 40 ይላል። ድግግሞሽ ያለባቸው 16 ነጥቦች ርቀታቸው ዜሮ ነው፤ የሌሎቹ 24 አማካይ 1.25 ኪሎ ሜትር ቢሆን የሁሉም D 0.75 ይሆናል፣ R ደግሞ 0.67። ጠንካራ መሰባሰብ ይመስላል። ድግግሞሹ ወጥቶ የ32ቱ አማካይ 1.25 ሆኖ ቢገኝ፣ E ራሱ 1.25 ስለሆነ R በትክክል 1 ይመጣል። ይህን ለማወቅ ርቀቶቹን ከትንሹ ወደ ትልቁ መደርደር በቂ ነው፤ ከ50 ሜትር በታች የሆኑ ብዙ ርቀቶች ጥንድ ጥንድ ሆነው ከታዩ መዝገቡ ይፈተሽ። ጥንዶቹ እውነተኛ ሊሆኑም ይችላሉ፤ ቤተ ክርስቲያንና ጸበሉ ለየብቻ ከተመዘገቡ ስሌቱ መሰባሰብ ያሳያል፣ ጥንዶቹ ግን እርስ በርስ ተራርቀው ይሆናል። አንደኛውን ጎረቤት ብቻ የሚያይ መለኪያ ከጥንዱ አልፎ ማየት አይችልም። ያኔ ሁለተኛና ሦስተኛ ጎረቤትን መለካት፣ ወይም ብራያን ሪፕሊ በ1970ዎቹ ያቀረበውንና በየርቀቱ ያሉትን ጎረቤቶች ሁሉ የሚቆጥረውን ዘዴ መጠቀም ያስፈልጋል።