ከቦዲያም ግንብ መልስ፤ ለአማርኛ ክፍሌ ልጆች

ውድ ልጆቼ፣

ከቦዲያም ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ከእናንተ አንዷ «ጠላት በግንቡ ዙሪያ ያለውን ውሃ ዋኝቶ ቢሻገርስ?» ብላ ጠየቀችኝ። በሁለት ቃል የሚመለስ ጥያቄ ስላልሆነ ይህን ደብዳቤ ጻፍኩላችሁ። ቤት ስትገቡ ለወላጆቻችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው።

ግንቡን ያሠራው ሰር ኤድዋርድ ዳሊንግሪጅ ፈረንሳይ ውስጥ የተዋጋ ወታደር ነበር። የንጉሥ ሪቻርድ ዳግማዊን ፈቃድ ያገኘው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1385 ነው። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በ1377፣ ፈረንሳዮች በባሕር መጥተው በአቅራቢያው ያለችውን የራይ ከተማ አቃጥለዋት ስለነበር የአካባቢው ሰው ስጋት ላይ ነበር።

አሁን ወደ ውሃው እንምጣ። ዋናተኛ ብዙም አያሳስብም። ጋሻና ሰይፍ ይዞ ቢሻገር እንኳ የሚደርሰው ከረጅም ግድግዳ ሥር ነው፤ መሰላል የለው፣ የሚቆምበት ደረቅ መሬት የለው። (የግንቡ 28 መጸዳጃ ቤቶችም በቀጥታ ወደዚያው ውሃ ይወርዱ እንደነበር አስጎብኚዋ ስትነግረን አፍንጫችሁን የያዛችሁት ትዝ ይለኛል።) የግንብ ሠሪዎች ትልቁ ፍርሃት ከመሬት በታች የሚመጣው ጠላት ነበር። በ1215 ንጉሥ ጆን የሮቸስተርን ግንብ ሲከብብ፣ ቆፋሪዎቹ ከዋናው ማማ አንድ ማዕዘን ሥር ዋሻ ቆፈሩ። ሲቆፍሩ ድንጋዩ እንዳይናድባቸው በእንጨት ምሰሶ እየደገፉ ነበር። ዋሻው ሲያልቅ ንጉሡ የ40 አሳማዎች ስብ አስመጣና ምሰሶዎቹ በእሳት ተያያዙ። እንጨቱ ሲቃጠል ደጋፊ ያጣው ማዕዘን ተደረመሰ። ሮቸስተርን ካያችሁ የዋናው ማማ ሦስቱ ማዕዘኖች ባለ አራት ጎን ሲሆኑ፣ በኋላ እንደገና የተሠራው አንዱ ግን ክብ ነው።

ቦዲያምን ግን እንዲህ ማድረግ ይከብዳል። ከውሃ ሥር የሚቆፈር ዋሻ ውሃ ይገባበታል፣ ቆፋሪውም ይሰምጣል። በመንኮራኩር እየተገፋ ወደ ግድግዳ የሚጠጋው የእንጨት ማማም ከዳር ቆሞ ይቀራል።

ነገር ግን የግንቡ ሰዎችም መግባትና መውጣት አለባቸውና ድልድይ ያስፈልጋል። የሚነሣ ድልድይ መካከሉ ላይ ወይም በአንድ ጫፉ በወፍራም ዘንግ የተያያዘ የእንጨት ወለል ነው። በአንዱ ዓይነት ወለሉ እንደ ሚዛን ይሠራል፦ በበሩ በኩል ያለው ጫፍ ከባድ ነው፤ መያዣው ሲለቀቅ ያ ጫፍ ወደ ጉድጓድ ይወርድና የውጪው ጫፍ ይነሣል። ክብደቱ ራሱ ስለሚሠራ ጥቂት ሰዎች በቂ ናቸው። የተነሣው ወለል በሩ ላይ ተደግፎ ሁለተኛ መዝጊያ ይሆናል፤ ከፊቱ ደግሞ ክፍት ውሃ ይቀራል።

በቦዲያም ከሁሉ የገረመኝ የድልድዩ አቅጣጫ ነው። ዛሬ የተሻገርንበት ቀጥ ያለ መንገድ የጥንቱ አይደለም። ድሮ መንገዱ የሚጀምረው ከምዕራቡ ዳርቻ ነበር፤ መጀመሪያ ውሃው መካከል ወዳለችው ባለ ስምንት ማዕዘን ደሴት ይደርስና ከዚያ ወደ ቀኝ ታጥፎ ወደ በሩ ይሄዳል። ይህን ያደረጉት ለምን ይመስላችኋል? ወታደር ጋሻውን በግራ እጁ፣ ሰይፉን በቀኝ እጁ ይይዛል። ከምዕራብ ወደ ደሴቷ ሲራመድ ግንቡ በስተቀኙ ነው፤ ስለዚህ ጋሻ የሌለው ጎኑ መንገዱን ሁሉ ለቀስተኛ የተጋለጠ ነው።

የቀስተኛው ቀዳዳም ብልሃት አለበት። ከውጪ ሲታይ ጠባብ ስንጥቅ ነው፤ ከውስጥ ግን ግድግዳው ወደ ሁለቱም ጎን ሰፍቶ ተጠርቧል። ቀስተኛው በሰፊው በኩል ወደ ግራና ቀኝ ይንቀሳቀሳል፣ ስለዚህ በቀጭን ስንጥቅ ብዙ መሬት ይቃኛል። ሆኖም ሙሉ መከላከያ አልነበረም። በዌልስ በሚገኘው በኋይት ካስል በተደረገ ሙከራ፣ ጎበዝ ቀስተኞች ከቅርብ ሆነው ፍላጻቸውን በስንጥቁ ማስገባት ችለዋል። ስለዚህ ጠላት እንዳይጠጋ የሚያደርገው ውሃ ለስንጥቁም ደህንነት ያስፈልግ ነበር። በቦዲያም በር ማማዎች ላይ ደግሞ ከላይ ስንጥቅ፣ ከታች ክብ የሆኑ ቀዳዳዎች አይታችኋል፤ እነዚያ ለትንንሽ መድፎች የተሠሩ ናቸው።

ውሃውም ቢሆን ራሱን የሚጠብቅ አይደለም። ዝቅ ባለው ወገን የሚገትረው የአፈር ግድብ ነው፤ ጠላት ግድቡ ጋ ደርሶ ከቆረጠው ውሃው ይፈስሳል። ግድቡን የሚጠብቀው ሰው ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እያንዳንዳችሁ አንድ ካርቶን አምጡ። መሐሉን ጣታችሁን በሚያስገባ ስፋት ሰንጥቁት፤ መጀመሪያ ዓይናችሁን አስጠግታችሁ ክፍሉን ተመልከቱ፣ ቀጥሎ ጓደኛችሁ ከክፍሉ ጫፍ ሆኖ ዓይናችሁን ሊያይ ይሞክር። ያያችሁትን በአማርኛ ትጽፉልኛላችሁ።

መምህራችሁ